ኔት ወደማይደርስበት ሳይት ስትሄዱ የትኛውን ፋይል ትይዛላችሁ? አምስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ኮዬ ፈጬ ካለው ቤቴ ተነስቼ፣ ከጫንቾ ወደ ደርባ በሚገነጠለው መንገድ ላይ ወዳለ ሳይት የሄድኩት ለሰባት ቀን ነበር። የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ አርማታ ሊሞላ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ድሮዊንጉ ስልኬ ላይ አለ ብዬ ነው የወጣሁት፤ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የፋይሉ ስም ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከሥሩም 18 ሜጋባይት ይላል። በማግስቱ ጠዋት ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ የላይኛው ፌሮ በስንት ሳንቲም ነው የሚደረደረው?» ሲለኝ ፋይሉን ነካሁት። የማውረጃው ክብ መዞር ጀመረ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዞረ። ኮረብታው ላይ ወጥቼ ቢሮ ደወልኩ። ባልደረባዬ ቁጥሩን ቢያነብልኝም ድምፁ እየተቆራረጠ «…አምስት» የሚለው ብቻ ደረሰኝ። አሥራ አምስት ይሁን ሃያ አምስት ማረጋገጥ ስላልቻልኩ የፌሮ ሠራተኞቹ እስከ እኩለ ቀን እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

ያን ፋይል ከሁለት ሳምንት በፊት ከፍቼዋለሁ። ያኔ ስልኬ ውስጥ ነበር። ቴሌግራም ለጊዜው ያወረደውን ነገር ራሱ እንዲያጸዳ ተስተካክሎ ስለነበር በመሀል ፋይሉን አስወግዶ ስሙን ብቻ ትቶልኛል። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ጉዞ ምን እንደምይዝና የት እንደማስቀምጠው ቁጭ ብዬ እወስናለሁ። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን አምስት መንገዶች ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ። ምሳሌዎቼ ከግንባታ ሥራ ይሁኑ እንጂ ለጤና ባለሙያም ሆነ ለመረጃ ሰብሳቢ መለኪያዎቹ ያው ናቸው።

## መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ፋይሉ ባይኖር የሚቆመው ሥራ ምንድን ነው? ፋይሎችን በዓይነት ወይም በፎልደር ከመደርደር ይልቅ የጉዞውን ቀናት አስቡ። ሰኞ ምን እሠራለሁ? ማን ምን ይጠይቀኛል? ያንን ለመመለስ የምከፍተው የትኛውን ነው? እዚህ ላይ አንድ ማጣሪያ ረድቶኛል፦ መልሱ በአንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ሊላክ የሚችል ከሆነ ፋይሉን መሸከም የግድ አይደለም። ዳታ በማይሠራበት ቦታ እንኳ ኤስኤምኤስ ብዙ ጊዜ ሾልኮ ይገባል፤ ቁጥሩም ተጽፎ ስለሚመጣ እንደ ስልክ ድምፅ አይቆራረጥም። የአንድ አቅራቢ ስልክ ቁጥር ወይም የአንድ ዕቃ ዋጋ እንዲህ ይመጣል። ድሮዊንግ ግን በኤስኤምኤስ አይመጣም።

ያለ ኔት በእርግጥ ይከፈታል? ፋይሉ እጃችሁ ላይ ሆኖም ባዶ የሚሆንበት ሁኔታ አለ። በሥራዬ ሦስት ዓይነት አጋጥሞኛል። አንደኛው የጉግል ሺት ነው። ኮምፒውተር ላይ ባለው የድራይቭ ፎልደር ውስጥ መጨረሻው `.gsheet` የሆነ ፋይል ይታያል፤ እሱ ግን ወደ ድረ ገጹ የሚያመለክት አድራሻ እንጂ ሠንጠረዡ ራሱ አይደለም። ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ብትወስዱት የያዛችሁት አድራሻውን ብቻ ነው። ሠንጠረዡን በኤክሴል መልክ ማውረድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የአውቶካድ ፋይል ነው። ዋናው ድሮዊንግ የአክሲስ መስመሮቹንና የሥነ ሕንጻውን ፕላን ከሌሎች ፋይሎች ጠርቶ የሚያሳይ ከሆነ፣ ዋናውን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ፕላኑ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ የጎደለውን ፋይል ስምና አድራሻ የያዘ አንድ መስመር ጽሑፍ ያገኛል። `ETRANSMIT` የሚለው ትእዛዝ የተጠሩትን ፋይሎች ሁሉ ሰብስቦ አብሮ ያሽጋል። ሦስተኛው የአማርኛ ደብዳቤ ነው። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ የወርድ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ስልክ ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። ከጉዞ በፊት ፎንቱ ካለበት ኮምፒውተር ወደ ፒዲኤፍ ከቀየራችሁት ፎንቱ አብሮ ይገባል።

እኔ በሌለሁበት ይቀየራል? የተፈረመ ውል አይቀየርም። የተሠራው ሥራ ልኬት የሚሞላበት የቴክ-ኦፍ ሺት በየቀኑ ይቀየራል። ድሮዊንግ በመካከል ነው፤ አልፎ አልፎ ይቀየራል፣ ሲቀየር ግን አሮጌውን ይዞ መሥራት ምንም ካለመያዝ የከፋ ነው፤ ምንም ያልያዘ ሰው ቢያንስ ሥራውን ያቆማል።

ክብደቱ ስንት ነው? በጊጋባይት ብቻ ሳይሆን በማውረጃ ሰዓትም አስሉት። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር 1 ጊጋባይት 33 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ማታ መብራትና ኔት ተከታትለው ሊጠፉ በሚችሉበት ሰፈር ላለ ሰው ይህ ሂሳብ ቀላል አይደለም።

ስልኩ ቢጠፋስ? ይህን በአጭሩ ልለፈው። ቢኦኪው፣ ማለትም የሥራ ዓይነትና መጠን ዝርዝሩ፣ ነጠላ ዋጋ ተሞልቶበት ሳይት ላይ አያስፈልገኝም፤ የዋጋው አምድ የተሰረዘበት ቅጂ ይዤ እሄዳለሁ።

## አንደኛው መንገድ፦ ፎልደሩን እንዳለ መያዝ

በጣም የሚያጓጓው ይህ ነው፤ የሚያስመርጥ ነገር የለውም፣ ሁሉም አለ። ኮምፒውተር ላይ የጉግል ድራይቭ ፕሮግራም ሁለት አሠራር አለው። `Stream files` የሚለው የፋይሎቹን ስም አሳይቶ ፋይሎቹን ኢንተርኔት ላይ ያስቀራቸዋል። `Mirror files` የሚለው ደግሞ በእርግጥ ኮምፒውተሩ ላይ ያወርዳቸዋል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው እየተጠቀመ ሁለተኛው ያለው ይመስለዋል፤ በፎልደሩ ውስጥ የሚታየው ስም አንድ ዓይነት ነውና።

በዋንድራይቭ መለየቱ ይቀላል። ሰማያዊ ደመና ያለበት ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ የለም። ነጭ ሆኖ አረንጓዴ ራይት ያለበት ለጊዜው አለ፤ ቦታ ሲጠብ ዊንዶውስ ሊያነሳው ይችላል። ሙሉ አረንጓዴ ክብ ውስጥ ነጭ ራይት ያለበት `Always keep on this device` የተባለ ስለሆነ ይቆያል። ከተጠራጠራችሁ ፋይሉ ላይ በቀኝ ተጫኑና `Properties` ውስጥ `Size on disk` የሚለውን እዩ። ዜሮ ካለ ፋይሉ እናንተ ጋ የለም።

የዚህ መንገድ ችግር ክብደቱ ነው። የእኔ የፕሮጀክት ፎልደር 38 ጊጋባይት ነበር። ስከፋፍለው 31 ጊጋባይቱ የሳይት ፎቶና ቪዲዮ፣ 4 ጊጋባይቱ የአውቶካድ ፋይል፣ 2.6 ጊጋባይቱ ስካን የተደረገ ውልና ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። ለዕለት ሥራ የሚከፈተው ሌላው ሁሉ ተደምሮ 0.4 ጊጋባይት ነው። ሁሉንም ላውርድ ብል በዚያው መስመር 21 ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ ያውም ኔቱ አንድም ጊዜ ሳይቋረጥ።

ቢሮ ውስጥ ጥሩ መስመር ካለና ላፕቶፑ ሰፊ ዲስክ ካለው ግን ይህን መንገድ አልነቅፍም። ማውረዱ ከጉዞው ሦስትና አራት ቀን በፊት ይጀመር።

## ሁለተኛው መንገድ፦ «በቅርብ የተከፈቱ»ን መተማመን

ጉግል ዶክስና ሺትስ በቅርብ የከፈታችኋቸውን ፋይሎች ራሳቸው ያለ ኔት እንዲከፈቱ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው። ምንም ልፋት የለውም፤ ለዕለት ተዕለት ሥራም ጠቃሚ ነው። ለጉዞ ግን ሁለት ጉድለት አለበት።

የመጀመሪያው፣ የሚይዘው የራሱን የጉግል ሰነዶች ነው፤ ፒዲኤፍ ድሮዊንግ በዚህ ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው ይበልጣል። መተግበሪያው የሚያየው ባለፈው ሳምንት የሠራችሁትን ነው፤ ሳይት ላይ የምትፈልጉት ደግሞ በሚመጣው ሳምንት የምትሠሩትን ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ የክፍያ ሰርተፊኬት ሳዘጋጅ ከነበርኩ በቅርብ የከፈትኳቸው የክፍያ ሠንጠረዦች ናቸው። የሶሌታው ፌሮ ዝርዝር ግን ከተዘጋ ወር አልፎታል።

ስለዚህ ማስተካከያውን አብሩት፣ ግን በዝርዝራችሁ ላይ እንደ አንድ መንገድ አትቁጠሩት።

## ሦስተኛው መንገድ፦ ፋይል በፋይል ምልክት ማድረግ

በስልክ ላይ ባለው ጉግል ድራይቭ ከፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ `Make available offline` ማለት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ኔት ባገኛችሁ ቁጥር ፋይሉ ወደ አዲሱ ይዞታ መታደሱ ነው። ጫንቾ ከተማ ላይ ለምሳ ስትቆሙ ቢሮ የተቀየረው ድሮዊንግ ስልካችሁ ላይ ሊታደስ ይችላል። ከሌሎቹ መንገዶች አንዳቸውም ይህን ያህል በቀላሉ አያደርጉትም።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ምልክት ማድረግ ማለት ማውረድ ማለት አይደለም፤ እንዲወርድ ማዘዝ ነው። የመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ `Transfer files only over Wi-Fi` የሚል አለ። እሱ በርቶ ከሆነና እናንተ የምትጠቀሙት በሞባይል ዳታ ብቻ ከሆነ፣ ምልክት ያደረጋችሁበት ሁሉ ዋይፋይ እየጠበቀ ይቀመጣል። እኛ ሰፈር አብዛኛው ሰው ቤቱ ዋይፋይ የለውም፤ በጥቅል ዳታ ነው የሚጠቀመው። ፋይሎቹ መውረዳቸውን `Offline` በሚለው ክፍል ገብታችሁ አንድ በአንድ እዩ።

ሌላው ገደብ፣ እነዚህ ፋይሎች የሚቀመጡት በመተግበሪያው ጓዳ ውስጥ ነው። ከአካውንታችሁ ብትወጡ ወይም የመተግበሪያውን ዳታ ብታጸዱ አብረው ይሄዳሉ። መንገድ ላይ «የይለፍ ቃልህን እንደገና አስገባ» ቢላችሁ እንኳ ኔት እስክታገኙ አትውጡ።

## አራተኛው መንገድ፦ ቴሌግራም ላይ አለ ማለት

ከላይ የነገርኳችሁ ታሪክ የዚህ ነው። ቢሮዎቻችን ፋይል የሚለዋወጡት በአብዛኛው በቴሌግራም ስለሆነ በሰፊው ልሄድበት።

ቴሌግራም አንድን ፋይል ስትከፍቱ ስልካችሁ ላይ ያወርደዋል፤ ያ ቅጂ ግን ጊዜያዊ ነው። `Settings` ከዚያ `Data and Storage` ከዚያ `Storage Usage` ብትሉ በግል ውይይት፣ በግሩፕና በቻናል የመጣው ለየብቻው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚጸዳ ታያላችሁ። ከጉዞ በፊት ቢያንስ የግሩፑን በፍጹም እንዳይጸዳ አድርጉት። እዚያው ገጽ ላይ የጠቅላላው መጠን ጣሪያም አለ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ ቀኑ ባይደርስም አሮጌው ይነሳል።

ከዚህ የሚሻለው ግን ከቴሌግራም ማውጣት ነው። ፋይሉ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ `Save to Downloads` በሉ። ያ ቅጂ የስልኩ የራሱ ስለሚሆን የቴሌግራም ጽዳት አይነካውም።

ድሮዊንግ በፎቶ መልክ ከተላከላችሁም ተጠንቀቁ። ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ያሳንሰዋል። የA1 ወረቀት ድሮዊንግ በፎቶ ሲላክ ሕንጻው በሙሉ ያምራል፤ አጉልታችሁ ስታዩት ግን 3 እና 8 አይለዩም። ላኪው በፋይል መልክ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ ያኔ አይነካውም። እኔ አሁን ድሮዊንግ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማደርገው በጣም ትንሹን የልኬት ቁጥር ፈልጌ ማጉላት ነው። እሱ ከተነበበ ሌላው ይነበባል።

## አምስተኛው መንገድ፦ የራስ ቅጂ፣ በስልክ፣ በፍላሽና በወረቀት

ፋይሉን ከየትኛውም መተግበሪያ አውጥቶ በስልኩ ሜሞሪ ውስጥ በራሳችሁ ፎልደር ማስቀመጥ ነው። የሚጠይቀው አካውንትም የይለፍ ቃልም የለም፤ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ካለ ይከፈታል። በመከፈቱ ከአምስቱ ሁሉ ይበልጥ የምተማመንበት ይህ ነው። ጉድለቱ ራሱን አለማደሱ ነው። ስለዚህ በስሙ ላይ የማሻሻያውን ፊደልና የወጣሁበትን ቀን እጽፍበታለሁ። ከቢሮ «ማሻሻያ ሲ ወጥቷል» የሚል ኤስኤምኤስ ሲደርሰኝ በእጄ ያለው ቢ መሆኑን ወዲያው አውቃለሁ፤ ያን ቅጠልም ለፎርማኑ አላሳየውም።

ፍላሽ ርካሽ መጠባበቂያ ነው፤ ስልክ ላይ ለመሰካት ኦቲጂ የሚባለው ማገናኛ ያስፈልጋል። ፍላሹን ኮፒ ቤት ሰክታችሁ ከነበረ ከጉዞ በፊት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ፎልደሮቹን ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ የሚያስቀምጠው ቫይረስ በየኮፒ ቤቱ ይዞራል። ረጅም ቪዲዮ ለያዘ ሰው ደግሞ በFAT32 የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም።

ወረቀትን አትናቁ። ሦስት ወይም አራት ዋና ዋና ቅጠሎችን በA3 አሳትሜ እይዛለሁ፤ ፀሐይ ላይ ከስልክ ስክሪን ይሻላል፣ ፎርማኑም ብዕር ይዞ ይጽፍበታል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ A1 ድሮዊንግ ወደ A3 ሲወርድ ርዝመቱ በግማሽ ያንሳል። ጥግ ላይ 1:50 ተብሎ የተጻፈው በተግባር 1:100 ሆኗል። የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ እንጂ በማስመሪያ አትለኩ።

## በአንድ ሠንጠረዥ

| መንገድ | ያለ ኔት መከፈቱ | ቦታና ዳታ | ራሱን ያድሳል? | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|
| ሙሉ ፎልደር | በትክክል ከወረደ አስተማማኝ | በጣም ብዙ | አዎ፣ ኔት ሲገኝ | ስሙ ታይቶ ፋይሉ አለመኖሩ |
| በቅርብ የተከፈቱ | ለጉግል ሰነዶች ብቻ | ጥቂት | አዎ | የሚያስፈልገው ሳይሆን ያለፈው መያዙ |
| ፋይል በፋይል ምልክት | መውረዱ ከተረጋገጠ ጥሩ | ጥቂት | አዎ | ዋይፋይ እየጠበቀ መቅረት፣ ከአካውንት መውጣት |
| ቴሌግራም | አጠራጣሪ | መካከለኛ | አያድስም | ጽዳት፣ የፎቶ ጥራት መውረድ |
| የራስ ቅጂና ወረቀት | በጣም አስተማማኝ | ጥቂት | አያድስም | አሮጌ ማሻሻያ ይዞ መሥራት |

## የእኔ ሰባት ቀን እንዴት ተመረጠ

ከዚያ ጉዞ በኋላ ወደዚያው ሳይት ደግሜ ስሄድ ስልኬ 64 ጊጋባይት ሆኖ ባዶው 5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ፎልደሩን ሳልከፍት በፊት ወረቀት ላይ ቀናቱን ጻፍኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የፌሮ ፍተሻ፤ በሦስተኛው አርማታ ሙሌት፤ በአራተኛው የሚቀጥለው ፎቅ የኮለን አቀማመጥ፤ ከዚያ በኋላ ለክፍያ የሚሆን ልኬት፤ በመጨረሻው ቀን ከኮንሰልታንቱ ጋር ስብሰባ።

ለፌሮውና ለኮለኑ 11 ቅጠል ፒዲኤፍ ድሮዊንግ ሆነ፣ 140 ሜጋባይት። ለልኬቱ ሦስት የኤክሴል ፋይል፣ 9 ሜጋባይት። ለአርማታው ስፔሲፊኬሽኑ፣ 42 ሜጋባይት። ለስብሰባው ሙሉው የደብዳቤ ፎልደር ሳይሆን ክርክር የተነሳባቸው ሦስት የሳይት ትእዛዞች፣ 12 ሜጋባይት። ከ31 ጊጋባይቱ ፎቶ ውስጥ ያስፈለገኝ መሠረቱ በአፈር ከመሸፈኑ በፊት የተነሳው 40 ፎቶ ነበር፤ አሁን ቆፍሮ ማየት ስለማይቻል ኮንሰልታንቱ ከጠየቀ ማስረጃው እሱ ብቻ ነው፣ 120 ሜጋባይት። ሲደመር 323 ሜጋባይት ሆነ፤ በዚያው በ4 ሜጋቢት መስመር 11 ደቂቃ። የአውቶካድ ፋይሎቹን ከተጠሩት ፋይሎች ጋር አሽጌ ላፕቶፑ ላይ ብቻ አስቀመጥኩ።

የተውኩትም አለ። ሙሉውን ውል ተውኩ፤ ከእሱ የሚጠየቅ አንቀጽ ቢኖር ቢሮ ያለ ሰው በኤስኤምኤስ ሊጽፍልኝ ይችላል። ያለፉት ወራት የክፍያ ሰርተፊኬቶችንም ተውኩ።

ድሮዊንጎቹን በሁለት መንገድ ያዝኩ፦ በድራይቭ ላይ ምልክት አድርጌ እንዲታደሱ፣ በስልኩ ፎልደር ደግሞ ምንም ቢሆን እንዲከፈቱ። ሁለቱ አብረው 280 ሜጋባይት ናቸው፤ ለሁለት የተለያዩ ችግሮች መድኅን ስለሆኑ ድግግሞሹን አላበዛሁትም ብዬ አምናለሁ።

ቦታ ለማስለቀቅ ስትሞክሩ አንድ ጥንቃቄ አትርሱ። ጉግል ፎቶስ ላይ `Free up space` የሚለው ወደ ኢንተርኔት የተገለበጡትን ፎቶዎች ከስልኩ ያነሳቸዋል። በመውጫችሁ ዋዜማ እሱን ብትነኩት ይዛችሁ ልትሄዱ ያሰባችኋቸው ፎቶዎች ትንንሽ ምስል ሆነው ይቀራሉ። መጀመሪያ የሚፈለጉትን ለዩ፣ ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ ከዚያ አጽዱ።

## ለማን የትኛው?

ስልክ ብቻ ላለውና በጥቅል ዳታ ለሚጠቀም። የራስ ቅጂ ዋናው ይሁን፤ በየቀኑ የሚቀየሩትን ሁለትና ሦስት ፋይሎች ብቻ በድራይቭ ምልክት አድርጉባቸው። ማውረዱን በሌሊት ጥቅል ብታደርጉት ይረክሳል፤ በ`*999#` ገብታችሁ ያለውን ማየት ትችላላችሁ። ከዚህ ሌላ የሚወጣው ወጪ የሦስት ቅጠል ኅትመት ነው።

የቢሮ ላፕቶፕና ጥሩ የቢሮ መስመር ላለው። ፎቶና ቪዲዮው ሲቀር የቀረውን ፎልደር በሙሉ አውርዱ። ላፕቶፑ ባትሪው ሲያልቅ ከነፋይሎቹ ስለሚተኛ የዕለቱን ድሮዊንጎች ስልክ ላይ መድገም አይቀርም።

ቅጽ እየሞላ መረጃ ለሚሰበስብ። እናንተን የሚያሳስበው የምትወስዱት ሳይሆን የምታመጡት ነው። ባዶ ቅጹ ያለ ኔት መከፈቱ አይበቃም፤ አንድ የሙከራ ቅጽ ሞልታችሁ፣ አስቀምጣችሁ፣ መተግበሪያውን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱና የሞላችሁት እንዳለ እዩ።

ለቤተሰብ ጉዳይ ለሚሄድ። የመታወቂያና የቲኬት ፎቶ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ በወረቀት የተጻፈ የስልክ ቁጥር ዝርዝር ይበቃል። ቴሌብር በ`*127#` ያለ ዳታ ይሠራል፤ የስልክ ኔትዎርክ ግን ይፈልጋል። ስለዚህ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

## በዋዜማው ማታ

ሁሉም ከወረደ በኋላ ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉና ዋይፋዩም መጥፋቱን እዩ። ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ለጊዜው ሜሞሪ ላይ ያለ ነገር እንዳያታልላችሁ ነው። ከዚያ በዝርዝራችሁ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ፋይል ክፈቱ። የመጀመሪያ ገጹን ብቻ ሳይሆን የመጨረሻውንም እዩ፤ በመሀል ተቋርጦ የወረደ ፒዲኤፍ አንዳንዴ ይከፈትና መጨረሻው ላይ ይጎድላል። ኤክሴል ላይ አንድ ቁጥር ቀይራችሁ አስቀምጡ። ለ18 ፋይል ይህ ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ የጎደለ ቢገኝም ገና ቤት ናችሁ።

ስትመለሱ ደግሞ ቢሮ ያለው ባልደረባችሁ ያንኑ ቴክ-ኦፍ ሺት ሲሠራበት ሰንብቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰው አንድን ኤክሴል አንዱ ያለ ኔት ሆኖ ለየብቻ ሲቀይር ዋንድራይቭም ሆነ ድሮፕቦክስ ሁለቱን ላያዋህድ ይችላል፤ ሁለተኛ ቅጂ ፈጥሮ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለእናንተ ሊተው ይችላል። እኔ ከመሄዴ በፊት ለባልደረባዬ «እስክመለስ ከሁለተኛ ፎቅ በታች ያለው ሺት ያንተ፣ ከዚያ በላይ የእኔ» ብዬ እነግረዋለሁ። ሱሉልታ ደርሼ ኔቱ ሲመለስ መጀመሪያ የራሴን እጭናለሁ፤ የእሱን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።